ጨዋታው ሳይንገዳገድ መቅዳት

ጌም እየተጫወተ ስክሪኑን መቅዳት የጀመረ ሰው የሚያነሳው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጨዋታው ብቻውን ሲሆን እንደ ልብ ይሄዳል፤ የመቅጃው ቁልፍ ከተጫነች ጀምሮ ግን ይንገዳገዳል። መኪናው ሲታጠፍ ስክሪኑ ይያዛል፣ ጠላት ብቅ ሲል ምስሉ ዘግይቶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚወስደው እርምጃም ያው ነው፤ ወደ ሴቲንግ ገብቶ ቢትሬቱን ይቀንሳል። 20,000 የነበረውን 8,000፣ አልሆን ሲለው ደግሞ 4,000 ያደርገዋል። ጨዋታው ግን እንደተንገዳገደ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የተቀዳው ቪዲዮ ሲከፈት ሣሩ ጭቃ መስሏል፣ የዛፉ ቅጠል እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ በፍጥነት የሚያልፈው ሁሉ በአራት ማዕዘን ተቆራርጧል። የጨዋታውም ደስታ ሄደ፣ የቪዲዮውም ጥራት ሄደ።

መፍትሔው ያልተገኘው ችግሩ ያለበት ቦታ ስላልተነካ ነው። ቢትሬት ማለት ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። የምስሉን ጥራትና የፋይሉን ክብደት ይወስናል፤ ጨዋታው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ግን እምብዛም አይወስንም። ጨዋታውን የሚያንገዳግዱት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቪዲዮውን የሚያምቀው ክፍል ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ለመቅጃው የሚሆን ትንሽ ፋታ ቀርቶታል ወይ የሚለው ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው መካከለኛ አቅም ባለው ላፕቶፕ ላይ እንኳ ጥራት ያለው ቪዲዮ መቅዳት ይችላል።

ለምን ማመቅ እንደሚያስፈልግ እንጀምር። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ 3 ባይት ቢወስድ አንድ ምስል ወደ 6.2 ሜጋባይት ይመዝናል። በሰከንድ 60 ምስል ከተቀዳ 373 ሜጋባይት ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ደቂቃ ጨዋታ ከ22 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። ይህን እንዳለ ተቀብሎ የሚጽፍ ተራ ሃርድ ዲስክ የለም፤ የሰዓታት ቅጂ የሚያስቀምጥ ቦታ ያለውም ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ከመቀመጡ በፊት ይታመቃል። ሥራውን የሚሠራው ክፍል ኢንኮደር ይባላል። ምስሉን ከቀዳሚው ጋር ያነጻጽራል፣ ያልተለወጠውን ይተዋል፣ የተንቀሳቀሰውን ወዴት እንደሄደ ይመዘግባል፣ ዓይን የማያስተውለውን ይጥላል። ይህን ሁሉ ደግሞ በሰከንድ 60 ጊዜ ይደግመዋል። ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ኢንኮደሮች አሉ። በነፃ የሚገኘውና በጌም ተጫዋቾች ዘንድ በጣም የታወቀው መቅጃ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነው፤ በሴቲንጉ ውስጥ x264 የሚል ምርጫ ይገኛል። x264 ሶፍትዌር ነው፤ የሚሠራው በዋናው ፕሮሰሰር ጉልበት ነው። ነገር ግን ጨዋታውም የሚሠራው በዚያው ፕሮሰሰር ነው። የመኪኖቹ አነዳድ፣ የጠላቶቹ ውሳኔ፣ የጥይቱ አቅጣጫ፣ ግራፊክስ ካርዱ ቀጥሎ የሚስለው ነገር ዝግጅት ሁሉ ከዚያ ይወጣል። x264ን መርጦ ከባድ ጨዋታ መቅዳት የታክሲ ሹፌሩን እየነዳህ ሂሳቡንም ሰብስብ እንደማለት ነው፤ ይሞክራል፣ ግን መንዳቱም ሂሳቡም ይበላሻል።

ሁለተኛው ዓይነት በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ለብቻው የተሠራ፣ ከማመቅ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው የሃርድዌር ክፍል ነው። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ የሚለውን በ2011 በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ካሉት ግራፊክሶች ጋር አወጣ። ኤንቪዲያ ኤንቬንክ የሚባለውን በ2012 ከጂቲኤክስ 600 ካርዶች ጀምሮ አስገባ፤ ኤኤምዲም በዚያው ዓመት የራሱን ይዞ መጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ግራፊክስ ካርዴ ራሱ በጨዋታው ተጨናንቋል፤ ደግሞ ቪዲዮ እንዲያምቅ ላድርገው?» ይላል። ኤንቬንክ ግን ጨዋታውን ከሚስሉት የካርዱ ክፍሎች የተለየ ነው። እነሱ በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩም እሱ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ውስጥ Performance በሚለው ስር የግራፊክስ ካርዱን ብትከፍቱ 3D እና Video Encode የሚሉ የተለያዩ ግራፎች ታያላችሁ። ጨዋታው ሲከፈት የመጀመሪያው ይሞላል፤ ቅጂው ሲጀመር ሁለተኛው ከመሬት ይነሳል። የተለያዩ ሠራተኞች መሆናቸው እዚያው በዓይን ይታያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ሁሉም ካርድ ይህ ክፍል የለውም። የኤንቪዲያ ጂቲ 1030 የለውም። በብዙ ቀላል ላፕቶፖች ላይ የሚገኙት እንደ ኤምኤክስ 150 እና ኤምኤክስ 250 ያሉትም የላቸውም። የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በ2022 የወጣ አዲስ ካርድ ቢሆንም ቪዲዮ ማመቂያ አልተሠራለትም። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ኤምኤክስ ካርድ ያለው የኢንቴል ላፕቶፕ የያዘ ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኩዊክ ሲንክ ሥራውን ይሠራለታል። በኦቢኤስ ዝርዝር ውስጥ QuickSync H.264 የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

«x264 ግን በጥራት ይበልጣል» የሚል አሮጌ ምክር አሁንም ይዘዋወራል። በአንድ ወቅት እውነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሃርድዌር ኢንኮደሮች በተመሳሳይ ቢትሬት ደብዛዛ ምስል ነበር የሚሰጡት። ኤንቪዲያ በ2018 ከአርቲኤክስ 20 ካርዶች ጋር ያመጣው ኤንቬንክ ግን ልዩነቱን በእጅጉ አጥብቦታል፤ ተራ ጌም የሚጫወት ኮምፒውተር ሊሸከመው ከሚችለው የx264 አሠራር አያንስም። የድሮዎቹ የኤኤምዲ ካርዶች በዝቅተኛ ቢትሬት ደከም ይላሉ። ይሁን እንጂ ወደ ራስ ዲስክ ለሚቀዳ ሰው ይህ ክርክር ብዙ ትርጉም የለውም ብዬ አምናለሁ። የጥራት ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው መረጃው ሲጠብብ ነው፤ ዲስክ ላይ የሚቀዳ ሰው ደግሞ ለኢንኮደሩ በቂ መረጃ ከመስጠት የሚከለክለው ነገር የለም።

አሁን አንድ ላፕቶፕ ወስደን ነገሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-9300ኤች ነው፤ አራት ኮር አለው። ካርዱ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 1650 ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ተራ ሙሉ ኤችዲ ነው። ጨዋታው ጂቲኤ 5 ይሁን፤ ከተማውም፣ ሣሩም፣ ዝናቡም ለመቅጃ ፈተና ስለሆነ። ሳይቀዳ በሰከንድ ከ75 እስከ 85 ፍሬም ይሰጣል እንበል። ኦቢኤስ በ x264 ተስተካክሎ ስድስት ደቂቃ ይቀዳል። ቅጂው ካለቀ በኋላ ኦቢኤስ በሎግ ፋይሉ ላይ ከሚጽፋቸው መስመሮች መካከል እንዲህ ያለ እናገኛለን እንበል፦

```
number of skipped frames due to encoding lag: 2808/21600 (13.0%)
```

ስድስት ደቂቃ በሰከንድ 60 ምስል ሲባዛ 21,600 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 2,808ቱን ኢንኮደሩ አልደረሰባቸውም፤ ዘለላቸው። ቪዲዮው ላይ እንደ መቆራረጥ የሚታየው ይኸው ነው። ጨዋታው ራሱም ተንገዳግዷል፤ ምክንያቱም አራቱ ኮሮች ለሁለት ጌታ እያደሩ ነው። ቁልፉ ቃል encoding lag ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ካለ ጥፋቱ የኢንኮደሩ ነው። ቢትሬቱን ዝቅ ማድረግ እዚህ ላይ ለውጥ የማያመጣው ኢንኮደሩ ምስሉን የሚያነጻጽርበትና የሚፈልግበት ድካም ያው ስለሆነ ነው። በመጨረሻ የሚጽፈው መጠን ቢያንስም አብዛኛው ሥራ ከዚያ በፊት አልቋል።

መፍትሔው ኢንኮደሩን መቀየር ነው። Settings ውስጥ Output ይከፈታል፤ ከላይ ያለው Output Mode ወደ Advanced ይቀየራል። ከዚያ Recording የሚለው ገጽ ላይ Video Encoder በሚለው ፊት NVIDIA NVENC H.264 ይመረጣል። እንደገና ስድስት ደቂቃ ሲቀዳ ያ የ13 በመቶ ቁጥር ወደ ዜሮ ይወርዳል። ፕሮሰሰሩም ተንፍሷል፣ ጨዋታውም ለስልሷል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተደስቶ ያቆማል። ቪዲዮውን ሲከፍት ግን አሁንም በየቦታው ይዘላል። የሚገርመው ደግሞ ሲጫወት ምንም አልተሰማውም ነበር። ሎጉ አሁን የሚለው ሌላ ነው፦

```
Number of lagged frames due to rendering lag/stalls: 1310 (6.1%)
```

ቃሉ ተለውጧል፤ rendering lag ነው። ይህ ኢንኮደሩን አይመለከትም። ምስሉ ወደ ኢንኮደሩ ከመድረሱ በፊት ኦቢኤስ የሚሠራት ትንሽ ሥራ አለች። የጨዋታውን ምስል ይወስዳል፣ የፊት ካሜራ ወይም ጽሑፍ ካለ ላዩ ላይ ያስቀምጣል፣ መጠኑን ያስተካክላል፣ የቀለሙን አደራደር ኢንኮደሩ ወደሚፈልገው ይቀይራል። ይህች ሥራ የምትሠራው በኤንቬንክ አይደለም። ጨዋታውን በሚስለው በዚያው የካርዱ ክፍል ነው። ትንሽ ናት፤ ግን በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ተራ ማግኘት አለባት። ጨዋታው ካርዱን 99 በመቶ ከያዘው ኦቢኤስ ተራ አያገኝም፤ ተራው ሲያልፈው ያ ምስል ይቀራል። ተጫዋቹ ያልተሰማውም ለዚህ ነው፤ ጨዋታው ድርሻውን ሙሉ በሙሉ ወስዷል፣ የተራበው መቅጃው ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሲሰሙት የሚያስከፋ ይመስላል። ጨዋታው ፍሬም እንዲቀንስ ማድረግ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ጨዋታው ከ75 እስከ 85 ፍሬም ይስላል፤ ስክሪኑ ግን በሰከንድ ከ60 በላይ አያሳይም፤ ቪዲዮውም የሚቀዳው በ60 ነው። ከ60 በላይ ያለው ትርፍ ካርዱን ከማሞቅና የመቅጃውን ተራ ከመቀማት የዘለለ ጥቅም እዚህ ላይ አልሰጠም። ስለዚህ ጨዋታው በ60 እንዲገደብ ይደረጋል። ጨዋታው በራሱ ሴቲንግ ውስጥ የፍሬም ገደብ ካለው እሱ ይቀድማል፤ ከሌለው በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል Manage 3D settings ውስጥ Max Frame Rate የሚል አለ። 60 ሲደረግ የካርዱ አጠቃቀም ከ99 በመቶ ወደ 80ዎቹ ይወርዳል፤ ያ ክፍተት ለኦቢኤስ ይበቃዋል። በተጨማሪም አንድ ጥሩ ነገር ይገኛል። 77 ፍሬም ከሚስል ጨዋታ 60 ምስል ሲለቀም አንዳንዱ ተዘልሎ አንዳንዱ ይወሰዳል፤ እንቅስቃሴው ምንም ምስል ሳይጠፋ እንኳ የተዛባ ይመስላል። 60 ከ60 ሲሆን ግን አንድ ለአንድ ይገጥማል። ባለ 144 ስክሪን ያለውና ፍጥነቱን የሚፈልግ ሰው ካርዱ የሚችል ከሆነ በ120 ቢገድብ ከእያንዳንዱ ሁለት ምስል አንዱ ይወሰዳል፤ ይህም አይዛባም።

ጨዋታው በገደቡም ላይ ካርዱን ከሞላው መቀነስ ያለበት የጨዋታው የምስል ጥራት ነው። በጂቲኤ 5 ላይ የሣርና የጥላ ሴቲንግን አንድ ደረጃ ማውረድ ብዙ ፋታ ይሰጣል፤ ቪዲዮው ላይ ልዩነቱን ማንም አያስተውለውም። ሌላው ኦቢኤስን Run as administrator ብሎ መክፈት ነው፤ ዊንዶውስ በካርዱ ላይ ለኦቢኤስ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያደርጋል። በቀኝ ክሊክ የምትገኝ ትንሽ ነገር ናት፤ ለብዙ ሰው ግን ያ rendering lag የሚለውን ቁጥር ወደ ዜሮ ያወረደችው እሷ ናት። ምስሉን የምንወስድበት መንገድም ድርሻ አለው። Display Capture መላውን ስክሪን ይወስዳል፤ Game Capture ደግሞ ከጨዋታው ራሱ ላይ በቀጥታ ይወስዳል፤ ለጨዋታ ሁለተኛው ይመረጣል።

በኤንቬንክ ሴቲንግ ውስጥ ሁለት ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ፤ Look-ahead እና Psycho Visual Tuning ይባላሉ። ሁለተኛው በአዳዲስ የኦቢኤስ እትሞች ላይ Adaptive Quantization ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ስማቸው ጥሩ ስለሆነ ሰው ሁለቱንም ያበራቸዋል። ምስሉን ትንሽ ያሻሽላሉ፤ ግን ሥራቸውን የሚሠሩት ኤንቬንክ ላይ ብቻ ሳይሆን ጨዋታው የሚፈልጋቸውን የካርዱን ኮሮች ተበድረው ነው። ካርዱ ለተጨናነቀበት ሰው Look-ahead ይጥፋ። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ችግር ካልታየ ይቆይ፣ ከታየ እሱም ይጥፋ። Preset የሚለው ከ P1 እስከ P7 ይሄዳል፤ P5 ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ እንደ 1650 ባለ ካርድ P4 ላይ ቢሆንም አይቆጭም። P7 ላይ ማስቀመጥ ለዓይን የማይታይ ጥራት ፍለጋ ኢንኮደሩን ማድከም ነው።

ጨዋታው ከተስተካከለ በኋላ ቢትሬት ተራው ይደርሰዋል። አብዛኛው ሰው CBR በሚባለው ላይ ቁጥር ይሞላል፤ ይህ ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ እኩል መረጃ መመደብ ነው። ጨዋታ ግን እኩል አይደለም። ገጸ ባሕርዩ ክፍል ውስጥ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ምስሉ እምብዛም አይለወጥም፤ ለዚያ ሰከንድ የተሰጠው መረጃ ይባክናል። ከዚያ ሞተር ብስክሌት ይዞ ሣር ላይ ሲጋልብ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ እያንዳንዷ የሣር ዘንግ ቦታዋን ስትቀይር ያው መጠን ሊበቃ አይችልም፤ ጭቃው የሚመጣው ያኔ ነው። ለዲስክ ቅጂ የሚሻለው CQP የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚሞላው የጥራት ደረጃ እንጂ የመረጃ መጠን አይደለም። ኢንኮደሩ ጸጥ ባለው ቦታ ትንሽ፣ በሣሩ ቦታ ብዙ መረጃ ይጠቀማል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ 20 ጥሩ መነሻ ነው። 23 ላይ ፋይሉ ይቀላል፣ ምስሉም ለአብዛኛው ተመልካች ያምራል። ከ16 በታች መውረድ ግን ዲስክ ከመሙላት በቀር ጥቅም የለውም።

ፋይሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ጨዋታው ይወስነዋል። መለካት ግን ቀላል ነው። የጨዋታው ከባድ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀዳና ፋይሉ ይታያል። 260 ሜጋባይት ከሆነ ለአንድ ሰዓት 15.6 ጊጋባይት ማለት ነው፤ በቢትሬት ሲገለጽ በሰከንድ ወደ 35 ሜጋቢት ይጠጋል። ከባዱ ቦታ ላይ ስለተለካ እውነተኛው ቅጂ ከዚህ ያንሳል። ይህ ቁጥር ለጀማሪ የሚያስፈራ ቢመስልም በሰከንድ ሲታሰብ 4.3 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ እንኳ ይችለዋል። ዲስኩ የሚያስቸግረው ጨዋታው ራሱ ከዚያው አሮጌ ዲስክ ላይ ካርታውን እያነበበ ከሆነ ነው። ያኔ ጨዋታውን ኤስኤስዲ ላይ፣ ቅጂውን ሌላው ዲስክ ላይ ማድረግ ይበጃል።

የተቀዳው ፋይል ወደ ዩቲዩብ እንዳለ መሄድ የለበትም። ዩቲዩብ የደረሰውን ሁሉ እንደገና ያምቀዋል፤ ሙሉ ኤችዲ ሆኖ በ60 ፍሬም ለሚጫን ቪዲዮ የሚመክረው ቢትሬት በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ቅጂው በከፍተኛ ጥራት ይያዝ፣ ይቆራረጥ፣ ይስተካከል፣ ከዚያ በ12 ሜጋቢት ይውጣ። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ በዚህ መጠን 900 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ35 ሜጋቢት ቢሆን ግን ከ2.6 ጊጋባይት ያልፋል። የዳታ ጥቅል እየገዛ ከሞባይል ለሚጭን ሰው ይህ ልዩነት በቀጥታ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ሣሩ ግን አያምርም ብሎ የሚያዝን ካለ ቪዲዮውን በ1440 መጠን አውጥቶ የሚጭን ብዙ ሰው አለ፤ ዩቲዩብ ለትልቁ መጠን የተሻለ እመቃ ስለሚመድብ በሙሉ ኤችዲ የሚያየው ተመልካች ሳይቀር ልዩነቱን ሊያይ ይችላል። ፋይሉ ግን ይከብዳል።

የፋይሉ ዓይነት ለእኛ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ ያሳስበዋል። ተራው MP4 የቪዲዮውን ማውጫ የሚጽፈው ቅጂው ሲዘጋ ነው። በዴስክቶፕ ሁለት ሰዓት ሲቀዳ ቆይቶ መብራት ቢጠፋ ማውጫው አልተጻፈም፤ 30 ጊጋባይት ፋይል ዲስኩ ላይ ተቀምጦ የሚከፍተው ፕሮግራም አይገኝም። MKV ግን እየተቀዳ እያለ ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል፤ መብራቱ እስከጠፋበት ሰከንድ ያለው ይተርፋል። በ Recording Format ውስጥ MKV መርጦ መቅዳት፣ ካለቀ በኋላ File ውስጥ Remux Recordings በሚለው ወደ MP4 መቀየር ይቻላል። ቅየራው ምስሉን እንደገና ስለማያምቀው ጥራት አይቀንስም፤ በቶሎም ያልቃል። አዳዲሶቹ የኦቢኤስ እትሞች Hybrid MP4 የሚል ይዘዋል፤ እሱም ድንገት ሲቋረጥ እንዳይበላሽ ሆኖ የተሠራ ነው።

በቀጥታ ስርጭት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ CQP አይሆንም፤ መስመሩ የሚችለው የተወሰነ ስለሆነ CBR ነው የሚያስፈልገው፣ Keyframe Interval የሚለውም 2 ሰከንድ ይደረጋል። ትዊች ለሙሉ ኤችዲ 60 ፍሬም 6,000 ኪሎቢት ይመክራል፤ ይህም በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ይበላል። ይህ ቁጥር ሳይቆራረጥ የሚወጣ የአፕሎድ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ዳውንሎዱ ፈጣን መሆኑ ምንም አይረዳም። አፕሎዱ 4 ሜጋቢት የሆነ ሰው በ720 መጠን፣ በ30 ፍሬም፣ በ2,500 ኪሎቢት ቢያስተላልፍ ከሚቆራረጥ ሙሉ ኤችዲ ይልቅ ተመልካቹን ያከብራል። በዚህ ጊዜ የሚጠፉት ምስሎች በኦቢኤስ Stats መስኮት ላይ Dropped Frames በሚለው ሥር ይቆጠራሉ። እነሱ የኔትወርክ ጉዳይ ናቸው፤ ቢትሬትን መቀነስ እውነተኛ መድኃኒት የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅጂ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይሆንም። ምስሉ ከካርዱ ሜሞሪ ይነበባል፣ ኦቢኤስም ከዚያው ሜሞሪ ላይ ድርሻ ይይዛል። 4 ጊጋባይት ያለው ካርድ ላይ ጨዋታው 3.9 ከያዘ ቅጂው ሲጨመር የሚሞላ ይሆናል፤ ምልክቱም አዲስ ሰፈር ሲገቡ የሚመጣ ድንገተኛ መያዝ ነው። ለዚህ የቴክስቸር ሴቲንግን አንድ ደረጃ ማውረድ ይበቃል። ላፕቶፕ ደግሞ ከሶኬት ሲነቀል ካርዱ አቅሙን ስለሚቀንስ በባትሪ ላይ የተደረገ ሙከራ ምንም አይነግርም። ሁለት ግራፊክስ ባሉት ላፕቶፕ ላይ Game Capture ጥቁር ምስል ብቻ ካሳየ ኦቢኤስ የተከፈተው በኢንቴሉ፣ ጨዋታው ደግሞ በኤንቪዲያው ነው ማለት ነው። በዊንዶውስ Graphics ሴቲንግ ውስጥ ኦቢኤስን High performance ላይ ማድረግ ሁለቱን ያገናኛቸዋል።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የሚደረገው ሙከራ አጭር ነው። በኦቢኤስ View ወይም Docks ውስጥ Stats ይከፈት፣ የጨዋታው ከባድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀዳ። Frames missed due to rendering lag ከፍ ካለ ካርዱ ፋታ ይፈልጋል፤ ገደቡን ወይም የጨዋታውን ጥራት ይንኩ። Skipped frames due to encoding lag ከፍ ካለ ኢንኮደሩ ወይም Preset ይቀየር። ሁለቱም ዜሮ አጠገብ ሆነው ምስሉ ግን ጭቃ ከሆነ፣ ያኔ CQP ከ23 ወደ 20 ይውረድ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ አራት ሴቲንግ አብሮ የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው ወይም እንዳበላሸበት የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።